የሸጡትን ኦፕሽን በዴልታ መጠበቅ፦ ስንት ጊዜ ማስተካከል፣ ስንት መክፈል፣ ምን ሳይሸፈን ይቀራል

ገላን ወይም ቃሊቲ አካባቢ መጋዘን ያለው አንድ ቡና ላኪ እንውሰድ። የውጭ አገር ገዢው እንዲህ ይለዋል፦ «ዋጋችን የኒውዮርክን ይከተል። ነገር ግን የኒውዮርኩ ዋጋ በፓውንድ ከ300 ሳንቲም ካለፈ እኔ የምከፍለው በ300 ሂሳብ ነው። ለዚህ መብት አሁኑኑ ተጨማሪ ገንዘብ እከፍልሃለሁ።» ላኪው ይህን ሲፈርም በውሉ ላይ አንዲት አንቀጽ የጨመረ ይመስለዋል እንጂ ኮል ኦፕሽን የሸጠ አይመስለውም። የሸጠው ግን ኮል ኦፕሽን፣ ማለትም በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት፣ ነው። ዋጋው ከ300 በታች ከቆየ የተቀበለውን ገንዘብ ይዞ ይቀራል። ከ300 በላይ ከወጣ ልዩነቱን እሱ ይሸከማል፤ ለዚያ ሸክም ደግሞ ጣሪያ የለውም።

መጠኑን በቁጥር እናስቀምጥ። በኒውዮርክ የአይስ ገበያ አንድ የአረቢካ ቡና ውል፣ ማለትም አንድ ሎት፣ 37,500 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ዋጋው በ1 ሳንቲም ሲንቀሳቀስ አንድ ሎት በ375 ዶላር ይንቀሳቀሳል። የእኛ ላኪ አንቀጹን የፈረመው ለ20 ሎት ነው እንበል። ይህ 750,000 ፓውንድ ወይም ወደ 340 ቶን ነው፤ 320 ጆንያ በሚጭን ኮንቴይነር ሲቆጠር 18 ያህል ኮንቴይነር ይሆናል። የዛሬው የፊውቸር፣ ማለትም ወደፊት ለሚረከቡት ቡና ዛሬ ዋጋው የሚቆረጥበት የገበያ ውል፣ ዋጋ 300 ሳንቲም ነው፣ አንቀጹ ሊያበቃ 21 የገበያ ቀን ይቀረዋል፣ ገበያው የሚገምተው ዓመታዊ የዋጋ መዋዠቅ ደግሞ 40 በመቶ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ለምሳሌ የተመረጡ ናቸው። መከላከያው የሚገዛው ኒውዮርክ ስለሆነ የዶላር ሂሳቡና ማርጂኑ፣ ማለትም ለፊውቸሩ የሚያዘው መያዣ ገንዘብ፣ ውጭ ባለ ሸሪክ እጅ እንዳለ፣ ገላን ያለው ቢሮ ደግሞ ስሌቱን እየሠራ ትእዛዝ እንደሚሰጥ አድርገን እንነሳ።

ወደ ስሌቱ ከመግባታችን በፊት ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን አንድ ነገር እናንሳ። መጋዘን ውስጥ ያለ፣ ዋጋው ያልተቆረጠ ቡና ራሱ ዋጋ ሲወጣ የሚያተርፍ ንብረት ነው። ላኪው 340 ቶኑን በእጁ ይዞ በፊውቸር ካልሸጠው፣ የሸጠው ኮል ከበቂ በላይ ተሸፍኗል። በዚያ ላይ ኒውዮርክ ሄዶ ፊውቸር ቢገዛ ራሱን አይከላከልም፤ ዋጋ ሲወርድ የሚደርስበትን ኪሳራ ይጨምራል እንጂ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ቡናው ለብቻው ሄጅ ተደርጎ፣ ማለትም ከዋጋ ለውጥ ተከልሎ፣ በሌላ መዝገብ ከተያዘና እዚህ የቀረው የተሸጠው ኦፕሽን ብቻ ከሆነ ነው።

ዋጋውና የመጀመሪያው ግዢ

በፊውቸር ላይ ለተጻፈ ኦፕሽን የተለመደው የፊሸር ብላክ የ1976 ቀመር ነው። ወለዱን ለጊዜው ብንተወው እንዲህ ይሰላል፦

```python
from math import log, sqrt, erf, exp, pi
def call(F, K, s, T):
    v = s*sqrt(T)
    d1 = log(F/K)/v + v/2
    N = lambda x: (1 + erf(x/sqrt(2)))/2
    price = F*N(d1) - K*N(d1 - v)
    gamma = exp(-d1*d1/2)/sqrt(2*pi)/(F*v)
    return price, N(d1), gamma
print(call(300, 300, 0.40, 21/252))
```

የሚወጡት ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ዋጋው በፓውንድ 13.81 ሳንቲም ነው፤ ለ20 ሎት ወደ 103,600 ዶላር ይመጣል። ላኪው ከገዢው ከዚህ ያነሰ ከተቀበለ ገና ከመነሻው ከስሯል። ዴልታው 0.523 ነው፦ ፊውቸሩ በ1 ሳንቲም ሲወጣ ኦፕሽኑ ግማሽ ሳንቲም ያህል ይወጣል ማለት ነው። ጋማው 0.0115 ነው፦ ፊውቸሩ በ1 ሳንቲም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዴልታው ራሱ በዚህ መጠን ይቀየራል።

20 ኮል የሸጠ ሰው የኦፕሽኑን ኪሳራ በፊውቸር ትርፍ ለማካካስ የሚያስፈልገው ፊውቸር 20 ሲባዛ በ0.523፣ ማለትም 10.46 ሎት ነው። ግማሽ ሎት የሚሸጥ የለምና 10 ይገዛል። የቀረችው 0.46 ሎት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ዋጋው 12 ሳንቲም ቢዘል ብቻዋን ወደ 2,070 ዶላር ታጎድላለች። ኦፕሽኑ 3 ወይም 4 ሎት ብቻ የሆነ ሰው ከዚህ ክፍልፋይ የሚመጣበት ስህተት ከሌላው ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ትንሽ ውል በዴልታ ከመከተል እዚያው ገበያ ላይ ተመሳሳዩን ኦፕሽን ገዝቶ መገላገል ይሻላል።

ሁለት ቀን፣ ሁለት መንገድ

በመጀመሪያው ቀን ዋጋው ከ300 ወደ 312 ወጣ እንበል። ኦፕሽኑ አንድ ቀን ቢያረጅም 20.57 ሳንቲም ሆኗል፤ ሻጩ በወረቀት ላይ 50,700 ዶላር ያህል ጎድሎበታል። 10 ሎት ፊውቸሩ 45,000 አትርፏል። ልዩነቱ 5,700 ዶላር ኪሳራ ነው፤ 2,070ው ከላይ ያልናት ክፍልፋይ ናት፣ ቀሪው የጋማ ሥራ ነው። ዴልታው አሁን 0.657 ስለሆነ የሚያስፈልገው 13.14 ሎት ነው። ሻጩ በ312 ሦስት ሎት ይጨምራል።

በሁለተኛው ቀን ዋጋው ተመልሶ 300 ላይ አረፈ። ኦፕሽኑ 13.14 ሳንቲም ሆኗል። ሁለቱን ቀን አንድ ላይ ስናይ ኦፕሽኑ በማርጀቱ ለሻጩ 5,050 ዶላር አስገኝቷል። የመጀመሪያዎቹ 10 ሎቶች ወጥተው ስለተመለሱ ትርፍም ኪሳራም የለባቸውም። በ312 የተገዙት ሦስቱ ግን በ300 ሲሸጡ 13,500 ዶላር ወስደዋል። ድምሩ 8,450 ዶላር ኪሳራ ነው። ዋጋው የነበረበት ቦታ ላይ ነው፣ ገዢው ምንም አልተጠቀመም፣ ሻጩ ግን ከስሯል። የመጀመሪያውን ቀን ተኝቶ ያሳለፈ፣ ምንም ያልጨመረ ሻጭ ቢኖር ኖሮ 5,050 ዶላር አትርፎ ይውል ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ታዲያ ማስተካከሉ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለተኛውን መንገድ ይመልከት፦ ዋጋው ከ312 ባይመለስና ወደ 324 ቢቀጥልስ? ሦስቱን ሎት የጨመረው ሻጭ በሁለቱ ቀን 9,530 ዶላር ይከስራል። ያልጨመረው 23,030 ዶላር ይከስራል። ያስተካከለው ሰው ዋጋው ቢመለስም ቢቀጥልም ኪሳራው 9,000 ዶላር አካባቢ ነው። ያላስተካከለው በአንዱ መንገድ 5,000 አትርፎ በሌላው 23,000 ይከስራል። ማስተካከል በአማካይ ትርፍ አያመጣም፤ ዋጋው ከዚህ በኋላ ወዴት ይሄዳል በሚለው ላይ መወራረድን ያስቀራል እንጂ። ሁለቱ ቀን ለሻጩ መጥፎ የሆኑት ባለማወቁ አይደለም፤ 12 ሳንቲም ሁለት ጊዜ መንቀሳቀስ እሱ ከተከፈለበት በላይ ስለሆነ ነው።

የተከፈለበት ስንት ነው? ይህን አንድ ቁጥር በቃል መያዝ ይበቃል። 40 በመቶ ዓመታዊ መዋዠቅ በ252 የገበያ ቀን ካሬ ሥር ሲካፈል በቀን 2.52 በመቶ ይመጣል፤ በ300 ዋጋ ላይ 7.56 ሳንቲም ነው። ኦፕሽኑ በመጀመሪያው ቀን በማርጀቱ ብቻ ለሻጩ 2,460 ዶላር ያህል ያስገባል። ፊውቸሩ በዚያ ቀን 7.56 ሳንቲም ቢንቀሳቀስ፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ጋማው ልክ ያንኑ 2,460 ያስወጣዋል። ከዚያ ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ያተርፋል፣ የበለጠ ከተንቀሳቀሰ ይከስራል። የጋማው ወጪ ከእንቅስቃሴው ጋር በካሬ ያድጋል፤ እንቅስቃሴው እጥፍ ሲሆን ወጪው አራት እጥፍ ነው። በዕድሜው የሚገባው ገንዘብ ግን በቀን ያው ነው። ሻጩን የሚያደሙት ብዙ መካከለኛ ቀኖች ሳይሆኑ ጥቂት ትልልቆች የሆኑት ለዚህ ነው።

ስንት ጊዜ?

ቀኑ መጨረሻ ላይ አንዴ፣ በ21 ቀን 21 ጊዜ የሚያስተካክል ሻጭ፣ የገመተው 40 በመቶ በትክክል ቢደርስ እንኳ የመጨረሻ ውጤቱ ዜሮ ላይ አይወድቅም። ዋጋው ከውሉ ዋጋ ጋር እኩል ሆኖ ለተነሳ ኦፕሽን የስህተቱ ስፋት በግምት እንዲህ ነው፦

```
sqrt(pi/4) * vega * sigma / sqrt(N)
```

N የማስተካከያው ብዛት ነው። ቬጋ ደግሞ የመዋዠቅ ግምቱ ሲቀየር ኦፕሽኑ ምን ያህል እንደሚቀየር ይናገራል፤ በእኛ 20 ሎት ላይ ግምቱ ከ40 ወደ 41 በመቶ ቢሄድ ሻጩን 2,590 ዶላር ያህል ያስከፍለዋል። ቁጥሮቹን ስናስገባ በቀን አንዴ ለሚያስተካክል ሰው ስህተቱ ወደ 20,000 ዶላር ይመጣል። ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል ውጤቱ በ20,000 ትርፍና በ20,000 ኪሳራ መካከል ይውላል ማለት ነው። በአጠቃላይ የተቀበለው 103,600 መሆኑን ልብ ይሏል። በሳምንት አንዴ ብቻ ቢያስተካክል ስህተቱ ወደ 46,000 ይሰፋል። በቀን አራት ጊዜ ቢሆን ደግሞ፣ ቀመሩ እንደሚለው፣ ወደ 10,000 ይጠባል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ሥራው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ቀመሩ ግን ማስተካከያዎቹ በእኩል ጊዜ የተራራቁ አድርጎ ነው የሚያስበው። እውነተኛው ገበያ ይዘጋል። የኒውዮርክ ቡና በዚያ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 4:15 እስከ ከሰዓት 1:30 ክፍት ነው፤ 9 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ። በእኛ አቆጣጠር ይህ በእነሱ የበጋ ሰዓት ከቀኑ 5:15 እስከ ምሽቱ 2:30 ነው። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ከ6:15 እስከ ምሽቱ 3:30 ይሆናል። ይህ የአንድ ሰዓት ለውጥ በዓመት ሁለቴ ይመጣል፤ ወደ በጋ ሰዓት የሚሻገሩበት ሲረሳ የመጨረሻው ማስተካከያ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ይላካል፤ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ከዕለቱ የዋጋ መዋዠቅ፣ በካሬ ሲለካ፣ ግማሹ የሚመጣው ገበያው በተዘጋበትና በመክፈቻው መካከል ባለው ዝላይ ነው ብለን እናስብ። ስህተቱ የሚደመረው በእንቅስቃሴው ካሬ ስለሆነ፣ ያ ዝላይ ብቻውን ከ20,000ው ግማሹን፣ 10,000 ዶላሩን፣ ይይዛል። ሻጩ ክፍት በሆነው ሰዓት በየደቂቃው ቢያስተካክል እንኳ ከዚያ በታች አይወርድም። በቀኑ ውስጥ አራት ጊዜና አንዴ ልክ በመክፈቻው ላይ ቢያስተካክል ወደ 11,200 ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት የሚያስገኘው ጥቂት ነው፣ ወጪውና ድካሙ ግን ይቀጥላል።

ወጪው

በአንድ ሎት፣ በአንድ ግዢ ወይም ሽያጭ፣ ኮሚሽኑና የገዢ-ሻጭ ዋጋ ልዩነት ግማሹ ተደምረው 45 ዶላር ናቸው እንበል፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዋጋ ልዩነቱ ነው። በየቀኑ አንዴ በሚደረግ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው በአማካይ ወደ 29 ሎት ይገላበጣል፣ ወጪው ወደ 1,300 ዶላር ነው። በቀን አራቴ ሲሆን 58 ሎት፣ 2,600 ዶላር። እዚህም ያው የካሬ ሥር ሕግ አለ፦ ብዛቱ አራት እጥፍ ሲሆን ወጪው እጥፍ ይሆናል፣ ስህተቱ ግማሽ። የመክፈቻና የመዝጊያ ግዢው ከዚህ ውጪ ነው።

ሁለቱን ወጪዎች ከስህተቱ ጋር ስናስተያያቸው በቀን ከአንዴ በላይ ማስተካከል ለዚህ ውል ያዋጣል። 1,300 ዶላር ከፍሎ ከ20,000ው ስህተት 9,000 ያህሉን ማስወገድ ርካሽ ነው። ግን 45 ዶላሩ ጸጥ ባለ ገበያ ነው። ትልቅ ዜና በወጣበት ሰዓት የገዢና የሻጭ ዋጋ ይራራቃል፣ ብዙ ማስተካከል የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው። ወጪን በአማካይ ቀን ቆጥሮ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ሁልጊዜ አሳንሶ ይቆጥራል።

ይህ ወጪ ከመጀመሪያውኑ ከገዢው መቀበል አለበት። ለመናገር የሚመቸው መንገድ ወደ መዋዠቅ መቀየር ነው፦ 1,300 ዶላር በ2,590 ሲካፈል ግማሽ ነጥብ ነው። በ40 በመቶ ያሰላ ሻጭ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በ40.5 በመቶ መሸጥ አለበት፤ በቀን አራቴ ለማስተካከል ካሰበ በ41። ትርፍና ለአደጋው የሚገባው ክፍያ ከዚያ በላይ የሚጀምር ነው።

በሰዓት ሳይሆን በልዩነት

ልምድ ያላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሰዓት አይቆጥሩም። የያዙት ፊውቸር ከሚያስፈልገው በተወሰነ መጠን ሲርቅ ብቻ ይነሳሉ። በእኛ ምሳሌ ልዩነቱ 1.5 ሎት ሲደርስ እናስተካክል ቢባል፣ ጋማው በ20 ሎት ላይ በሳንቲም 0.23 ሎት ስለሆነ፣ ያ ወደ 6.5 ሳንቲም የሚጠጋ እንቅስቃሴ ነው። ጸጥ ባለ ቀን ምንም አይሠራም፣ በተናወጠ ቀን ሦስቴ አራቴ ይሠራል። ወጪ ሲጨምር ይህ ድንበር ይሰፋል፣ ግን ቀስ ብሎ፤ በኪዩብ ሥር ነው የሚሄደው። ወጪው ስምንት እጥፍ ቢሆን ድንበሩ እጥፍ ብቻ ይሆናል።

ዘዴው ከከተማ ዳር ለሚሠራ ሰው ሌላ ጥቅም አለው፦ ሥራውን አስቀድሞ መሥራት ይቻላል። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ዴልታው 1.5 ሎት የሚርቅባቸው ዋጋዎች ወደ ላይም ወደ ታችም ይሰላሉ፤ ሁለት ሦስት ደረጃ ያህል። ትእዛዞቹ ቀድመው ሸሪኩ ዘንድ ይቀመጣሉ። ገበያው የሚጦፍበት ሰዓት በእኛ አመሻሽ ነው፤ ገላን ላይ መብራት የሚሄደው ወይም ኔትወርክ የሚጠፋውም ያን ሰዓት ሊሆን ይችላል። ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ለማስተካከል የታቀደ ሄጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ሊፈርስ ይችላል። ቀድሞ የተቀመጠ ትእዛዝም ድክመት አለው። ዋጋ ሲወጣ የሚገዛ፣ ሲወርድ የሚሸጥ የስቶፕ ትእዛዝ ስለሆነ ገበያው ደረጃውን ዘሎ ከተከፈተ የሚፈጸመው በተጻፈው ዋጋ ሳይሆን ዝላዩ ባረፈበት ነው። በተጨማሪም ከሰዓት በኋላ የተፈጸመውን ሳያረጋግጡ አዲስ ትእዛዝ መላክ አንዱን ማስተካከያ ሁለቴ መሥራት ነው። መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «አሁን በእጃችን ስንት ሎት አለ?» ነው፤ ዋጋው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ፊውቸር የማይነካው

እስካሁን ያየነው ሁሉ ዴልታን ነው የሚያስተካክለው። ጋማው እንዳለ ነው። ፊውቸር ቀጥ ያለ ንብረት ስለሆነ የራሱ ጋማ ዜሮ ነው፤ ሺህ ሎት ቢገዛም ቢሸጥም የተሸጠውን ኦፕሽን ጠመዝማዛነት አይቀንሰውም።

ትልቅ ዝላይ ሲመጣ ምን እንደሚሆን እንቁጠር። 10 ሎት ይዞ ያደረ ሻጭ ጠዋት ዋጋውን በ10 በመቶ ከፍ ብሎ 330 ላይ ቢያገኘው፣ ኦፕሽኑ ከ13.81 ወደ 33.93 ይወጣል። ፊውቸሩ ያተረፈለት ተቀንሶ የሚቀረው ኪሳራ 38,300 ዶላር ነው፤ ከተቀበለው ከሲሶ በላይ፣ በአንድ ሌሊት። በቡና ይህ ተረት አይደለም። የብራዚል ውርጭ የሚመጣው በእነሱ ክረምት፣ በሰኔና በሐምሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እና በ1994 የወረደው ውርጭ ገበያውን አናውጧል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 2021 ከወረደው ውርጭ በኋላም ዋጋው በቀናት ውስጥ በፓውንድ ከ2 ዶላር አልፏል። እንዲህ ባለ ቀን ገበያው የሚገምተው መዋዠቅም አብሮ ይዘላል። ዋጋው 330 ላይ እያለ በእያንዳንዱ ነጥብ ተጨማሪ 1,850 ዶላር ያህል በሻጩ ላይ ይመዘገባል፤ ኦፕሽኑን መልሼ ገዝቼ ልውጣ ቢል የሚጠብቀው ያ ዋጋ ነው።

ሌላው ክፉ ጊዜ ማብቂያው ነው። ዋጋው 300 ዙሪያ ከቆየ ጋማው ቀን በቀን ይጨምራል። 21 ቀን ሲቀር በሳንቲም 0.23 ሎት የነበረው አንድ ቀን ሲቀር 1.05 ሎት ይሆናል። በዚያ ቀን ዋጋው 292.5 ከሆነ የሚያስፈልገው ሄጅ 3 ሎት ነው፣ 307.5 ከሆነ 17። ከ300 የተነሳ ተራ የሆነ የአንድ ቀን እንቅስቃሴ 7 ሎት ያህል ያስገዛል ወይም ያስሸጣል፣ ከሰዓት በኋላም መልሶ ሊያስቀለብስ ይችላል። በአይስ የዲሴምበር ውል ኦፕሽን የሚያበቃው በኖቬምበር ሁለተኛ ዓርብ ነው፤ በዚያ ሳምንት ዋጋው የውሉን ዋጋ ከታከከ ድንበሩን ጠብቆ በጭፍን ማስተካከል ገንዘብ ማቃጠል ሊሆን ይችላል። የእኛ አስተያየት፦ ሦስትና አራት ቀን ሲቀር ዋጋው አሁንም ከ300 በጥቂት ሳንቲም ርቀት ላይ ካለ፣ ኦፕሽኑን ራሱን ወይም ቢያንስ ግማሹን መልሶ መግዛት ከማሳደድ ይሻላል። የቀረው ፕሪሚየም፣ ማለትም የኦፕሽኑ ዋጋ፣ ጥቂት ስለሚመስል ሰው ይህን ለማድረግ ይሳሳል።

ጋማን የሚቀንሰው ሌላ ኦፕሽን መግዛት ብቻ ነው። ሻጩ በመነሻው ቀን የ320 ሳንቲም ኮል 10 ቢገዛ፣ እያንዳንዱ 6.44 ሳንቲም ነውና 24,200 ዶላር ያህል ያወጣል። ጋማው ከ0.23 ወደ 0.13 ይወርዳል። ኦፕሽኑ በማርጀቱ በቀን የሚገባው ገንዘብም ከ2,460 ወደ 1,380 ይወርዳል፤ የሚያስፈልገው ፊውቸር ደግሞ ከ10.46 ወደ 7.38 ሎት ይቀንሳል። ጋማን ቀንሶ የዕለት ገቢውን እንዳለ የሚያስቀር መንገድ የለም፣ ሁለቱ የሚሄዱት አብረው ነው። በተጨማሪ ይህ መከላከያ የሚረዳው በይበልጥ ወደ ላይ ነው። ማብቂያው ሲቃረብና ዋጋው 300 ላይ ሲቆም የ320ዎቹ ጋማ ይሞታል፣ የ300ው ደግሞ ይነድዳል፤ የመጨረሻው ሳምንት ችግር እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ውርጭን የሚፈራ 320ውን ይግዛ፣ የማብቂያውን ሳምንት የሚፈራ የ300ውን ራሱን ይግዛ።

ገንዘቡ የሚወጣበት ጊዜ

ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሄጁ የሚቋረጥበት መንገድም አለ። ፊውቸር በየቀኑ በጥሬ ገንዘብ ይተሳሰባል። በውል አንቀጽ የተሸጠ ኦፕሽን ግን እስኪያበቃ ድረስ ሳንቲም አያስገባም። ከላይ ዋጋው ከ312 ወደ 300 የተመለሰበት ቀን 13 ሎቱ 58,500 ዶላር ጎድሎበታል። ኦፕሽኑ በዚያው ቀን 55,800 ያህል ለሻጩ ተሻሽሏል፣ ግን ያ መሻሻል በወረቀት ነው፤ 58,500ው ደግሞ በማግስቱ በዶላር የሚከፈል። ሸሪኩ የማርጂን ጥሪውን ካልሸፈነ ፊውቸሩ በግድ ይሸጥና ሻጩ ራቁቱን ይቀራል። ውሉ ሲፈረም ይህን የሚሸፍን መጠባበቂያ ማን እንደሚያስቀምጥና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚለቀቅ መጻፍ አለበት። በ13 ሎት ላይ የ10 በመቶ ውድቀት ብቻውን ወደ 146,000 ዶላር የሚጠጋ ጥሪ ነው፤ ከተቀበለው ፕሪሚየም በላይ።

ነገሩ ከመስመር እየወጣ መሆኑን ለማወቅ የዕለቱ ትርፍና ኪሳራ በየምሽቱ በአምስት ተከፍሎ ይጻፍ፦ ከዕድሜ የገባው፣ በጋማ የወጣው፣ የተያዘው ሎት ከሚያስፈልገው በመለየቱ የመጣው፣ የግብይት ወጪው፣ የመዋዠቅ ግምቱ በመቀየሩ የመጣው። አምስቱ ተደምረው በሂሳቡ ላይ የታየውን ለውጥ በጥቂት መቶ ዶላር ልዩነት ካልገለጹት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ቀሪዎቹ ቀኖች በስህተት ተቆጥረዋል፣ ሄጁ የተያዘው ኦፕሽኑ ከሚያመለክተው በተለየ ወር ውል ላይ ነው፣ ወይም ሁለቴ የተላከ ትእዛዝ አለ። ልዩነቱ ዋጋው በወጣባቸው ቀኖች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ፣ በወረደባቸው በሌላው ከሆነ የሎቱ ቁጥር ተሳስቷል። አምስቱ ተስማምተው የዕለቱ ውጤት በሁለቱም ዓይነት ቀን ኪሳራ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ ደግሞ ስሌቱ ደህና ነው፤ ቡናው ከ40 በመቶ በላይ እየዋዠቀ ነው፣ ኦፕሽኑም የተሸጠው ረክሶ ነው።